የሞተረኛው ካሽ 1,200 ብር ጎደለ፣ ብሩ ግን ባንክ ውስጥ ነበር

ከአሥር ቀን በፊት እዚህ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። ምላሹ በዛ፤ አንዳንዱም ከርዕሱ ወጣ። ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብደው ጥያቄዬንና የመጡልኝን ምላሾች በተራ ቁጥራቸው በራሴ ቃል ላስቀምጣቸው።

የመነሻው ጽሑፍ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልብስና ጫማ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ደንበኛው የሚከፍለው ዕቃው እጁ ሲገባ ነው። ሁለት ሞተረኞች አሉኝ። አንደኛው በጠባሴ በኩል ይሠራል። ሌላው ዩኒቨርሲቲውን ይዞ አንዳንዴ ጫጫ ድረስ ይወርዳል። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰው ብሩን ያስረክቡኛል፤ እኔም ቆጥሬ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ።

አንድ ሐሙስ ማታ የጠባሴው ልጅ ካሽ 1,200 ብር ጎደለ። ሦስቴ ቆጠርነው። ኪሱን ገለበጠ፤ የሞተሩን ሳጥን ከፍቶ አሳየኝ። የለም። ደክሞኝ ነበርና ከደመወዙ እንደምቆርጥ ነገርኩት። ምንም አልመለሰልኝም፤ ሄልሜቱን አጥልቆ ወጣ።

እሑድ ዕለት የባንክ ሒሳቤን ወደ ኋላ እየሄድኩ ሳይ፣ በማላውቀው ሰው ስም 1,200 ብር ገብቷል። ቀኑ ያው ሐሙስ ነው። ለካ አንዲት ደንበኛ በካሽ እከፍላለሁ ብላ፣ ኋላ ላይ ልጇ ከአዲስ አበባ በስልክ ከፍሎላታል። ሞተረኛው ቀድሞ ካሽ ብሎ የጻፈውን ሳያስተካክል ወደሚቀጥለው ቤት ሄዷል።

ልጁ ብር አልነካም። ሦስት ቀን ሙሉ ግን በእኔ ዓይን ሌባ ሆኖ ሠራ። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የማታ ሒሳብ እንዴት ትዘጋላችሁ? ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በዚያው ማታ፣ ልጁ ከቤቴ ሳይወጣ፣ የሚያሳይ አሠራር አለ ወይ?

ምላሾቹ

ምላሽ 1 በደቂቃዎች ውስጥ ነው የመጣው። ጸሐፊው ካሽ መቀበል ይቁም ባይ ነው። ሁሉም በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈለ፣ ሞተረኛው ብር ካልነካ፣ የማታ ቆጠራ የሚባል ጣጣ አይኖርም አለ። ግማሹ እውነት ነው፤ ብር ያልያዘ ሰው ብር አይጎድልበትም። ግን የእኔ ችግር የተፈጠረው እሱ መፍትሔ ነው ባለው በኩል መሆኑን አላስተዋለም። ብሩ በባንክ ገብቶም ተሳስተናል። ደግሞም ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ይውላል። ትልልቅ እናቶች ደግሞ ከመቀነታቸው ፈትተው ነው የሚከፍሉት።

ምላሽ 2 ከሸዋሮቢት ነው። የጻፈችው ሴት ጥያቄዬን በሌላ መንገድ ተረድታዋለች። እሷ ሞተረኛ የላትም። ዕቃውን በሚኒባስ ወደ ደብረ ሲና ትልካለች፤ ረዳቱ ከደንበኛው ተቀብሎ ብሩን በሚመለስበት ቀን ያመጣላታል። ሁለት ሦስት ቀን የሚቆይ ብር አለ። ያ ብር የማን ነው፣ የት ነው የሚጻፈው ብላ ጠየቀች። ጥያቄዬን ባይመልስም እኔ ራሴ ያላሰብኩት ጥያቄ ነበር። ወደ ታች ተመልሶ ይመጣል።

ምላሽ 3 ላይ አንድ ሞተረኛ ገባ፤ ቃናውም ተለወጠ። ሦስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ እንዳለ ጻፈ። ባለሱቅ ሁሉ ብር ሲጎድል መጀመሪያ የሚያየው የሞተረኛውን ፊት ነው አለ። ጠዋት ለመልስ ዝርዝር ብር አይሰጠንም፤ ደንበኛው 1,450 ለሚያወጣ ዕቃ ስምንት ባለ 200 ብር ኖት ይዞ ይጠብቀናል። 150 ብር መልስ ከራሳችን ኪስ እንሰጣለን። ነዳጅ በመሐል ከሰበሰብነው ብር እንሞላለን። ማታ ሁሉም ተደባልቆ ይመጣል፤ ከዚያ ቆጣሪዋ ጓዳ ገብታ ቆጥራ ወጥታ ጎደለ ትለናለች። ብሩ ባመጣው ሰው ፊት ካልተቆጠረ ማን ያውቃል አለ። መጨረሻ ላይ ልጁን ይቅርታ ጠይቄው እንደሆነ ጠየቀኝ።

እውነቱን ለመናገር ይህን ሳነብ ፊቴ ጋለ። ምላሽ 4 የእኔ ነው። እሑድ ማታ ደውዬ ይቅርታ እንደጠየቅኩት፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሌላው ሞተረኛ ባለበት ስህተቱ የእኔ እንደሆነ እንደተናገርኩ ጻፍኩ። ቆጠራውን ግን አብረን ነው የቆጠርነው፤ እሱ ላይ ልክ አይደለም።

ምላሽ 5 ውይይቱን የለወጠው ሰው ነው። ለብዙ ዓመት የአንድ አከፋፋይ ድርጅት ገንዘብ ያዥ ሆነው የሠሩ ሰውዬ ናቸው፤ ኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ይጠራቸው ጀመር። ምክር ከመስጠታቸው በፊት የዚያን ሐሙስ ወረቀት እንዳለ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ስንት ዕቃ ወጣ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ለመልስ ምን ያህል ተሰጠ፣ ከብሩ ላይ ምን ወጪ ሆነ።

ምላሽ 6 ላይ ጻፍኩላቸው። ጠዋት 14 ዕቃ ወጥቷል፤ ሁሉም ቢሸጥ የሚሰበሰበው 21,400 ብር ነው። ለመልስ 500 ብር ዝርዝር ሰጥቼዋለሁ። ማታ ወረቀቱ ላይ የነበረው ይህ ነው፦ በካሽ 8 ዕቃ 11,150 ብር፣ በባንክ 3 ዕቃ 4,850 ብር፣ ደንበኛ አልፈልግም ብሎ የተመለሰ 2 ዕቃ 3,200 ብር፣ ነገ ና ተብሎ ያደረ 1 ዕቃ 2,200 ብር። ነዳጅ 300 ብር በደረሰኝ። እጁ ላይ የነበረው ካሽ 10,150 ብር።

ምላሽ 7 ረጅም ነው፤ እኔ ሁለቴ አንብቤ ነው የገባኝ። ጋሼ መጀመሪያ የዕቃውን ቁጥር አዩ። ስምንት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤ ሲደመር 14። ብሩም ሲደመር 21,400። ስለዚህ ከዕቃ የጠፋ የለም፤ ጠዋት የወጣው ሁሉ ማታ አንድ ቦታ ላይ ተጽፏል። ሒሳብ የሚጀመረው ከዚህ ነው ይላሉ። ሞተረኛው ሸጥኩ ካለው መነሳት ትልቁ ስህተት ነው፤ እሱ የረሳውን ዕቃ አንቺም ትረሺዋለሽና። መነሻው ጠዋት ከቤት የወጣው ነው። አንድ ዕቃ ማታ ላይ ከአራቱ አንዱ ዕጣ ይደርሰዋል፦ ካሽ፣ ባንክ፣ ተመላሽ፣ ያደረ። አምስተኛ ቦታ የለም። ተመላሹና ያደረው ደግሞ በቃል አይደለም፤ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ በዓይን መታየት አለበት።

ቀጥለው ካሹን ሠሩት። በካሽ የተጻፈው 11,150 ላይ የመልሱ 500 ሲጨመር 11,650፤ የነዳጁ 300 ሲቀነስ 11,350 ብር መኖር ነበረበት። ያለው 10,150 ነው። ጉድለቱ 1,200።

እዚህ ድረስ እኔም ሠርቼው ነበር። የቀረኝ የሚቀጥለው ነው። ባንኩን እንዴት እንዳመሳከርኩ ጠየቁና መልሱን ራሳቸው ገመቱት። ሞተረኛው በባንክ ተከፈለ ያላቸውን ሦስት ዕቃዎች ይዤ፣ ሦስቱም ገብተዋል ወይ ብዬ ስልኬ ላይ አይቼ፣ ገብተዋል ብዬ ዘጋሁት። በትክክል ያደረግኩት ይህንን ነው። ከወረቀት ወደ ባንክ ሄጃለሁ፤ ከባንክ ወደ ወረቀት ግን አልተመለስኩም። የመጀመሪያው መንገድ ያልገባውን ብር ያሳያል። ገብቶ ወረቀት ላይ የሌለውን ብር ግን አያሳይም። የዚያን ዕለት የገባውን ሁሉ አንድ በአንድ እያየሁ እያንዳንዱ የየትኛው ዕቃ እንደሆነ ብጽፍ ኖሮ፣ አራተኛ ክፍያ ዕቃ አጥቶ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር። መጠኑም 1,200። ካሹ ላይ የጎደለው ቁጥር ባንኩ ላይ ተርፎ ቁጭ ብሏል።

ጋሼ አንድ ቆንጆ ልማድ ነገሩን። ካሽ ሲጎድል ሰውየውን ከመጠየቅ በፊት ያንኑ ቁጥር በሌላው በኩል መፈለግ ነው፤ በባንኩ ትርፍ፣ በተመላሹ ዕቃ ዋጋ፣ በሌላኛው ሞተረኛ ካሽ ላይ። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ደግሞ አሃዝ ተገለባብጦ ሊሆን ይችላል፤ 1,360ን 1,630 ብሎ የጻፈ ሰው 270 ብር ይጎድልበታል። 1,200 ለ9 ስለማይካፈል የእኔ ይህ አልነበረም። ይህን ወረቀቴ ጥግ ላይ ጽፌዋለሁ።

ምላሽ 8 የአንድ ወጣት ነው። ይህ ሁሉ በእጅ የሚደመርበት ዘመን አልፏል፤ ጉግል ሺት ላይ አድርጊው አለኝ። በአንድ ዕቃ አንድ መስመር፣ አምድ B የሞተረኛው ስም፣ E ዋጋ፣ F የዕቃው ዕጣ። ከዚያ የአንዱን ሞተረኛ ካሽ ይህ ያወጣዋል ብሎ ላከ፦

```
=SUMIFS(E:E,B:B,"ሞተረኛ 1",F:F,"ካሽ")
```

አብዛኛው ሰው አመሰገነው፤ እኔም ሞከርኩት። ይሠራል። ግን ምላሽ 9 ላይ አንዲት ሴት የራሷን ገጠመኝ ይዛ መጣች። ባሏና እሷ አንድ ሺት ላይ ይጽፋሉ። ስሙን እሷ በኃ ትጽፈዋለች፣ እሱ በሀ። ኃይሌና ሀይሌ ለሰው አንድ ናቸው፤ ለፎርሙላው ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። ካሽ ከሚለው ቃል ኋላ ባዶ ቦታ የተተየበ እንደሆነም አይደምረውም። ስህተት ነው ብሎም አይናገርም፤ ዝም ብሎ ያንን መስመር ትቶ ያነሰ ቁጥር ያወጣል። ስለዚህ ቃሉን መተየብ ትታ ከዝርዝር የሚመረጥ አደረገችው። አራቱን ዕጣዎች ደምራ ጠዋት ከወጣው ጋር እኩል መሆናቸውን የሚያሳይ አንድ ሕዋስ ደግሞ ከታች አኖረች። እኩል ካልሆነ አንድ መስመር አምልጧል ማለት ነው። ወጣቱ ልክ ነሽ ብሎ አመነ። ይህ ደስ አለኝ።

ምላሽ 10 እና 11 ከርዕሱ ወጡ። አንዱ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሞተር የሚነዳ ሰው ምን ዓይነት ጓንት እንደሚያደርግ ጠየቀ፤ ሌላው ስለ ነዳጅ ሰልፍ ብዙ ጻፈ። ስለ ሰልፉ አልመለስበትም። የጓንቱ ነገር ግን ወደ ጉዳያችን ተመለሰ፤ ያው የምላሽ 3 ሞተረኛ ነው የመለሰለት። ከአንኮበር መንገድ ሲመለስ ጣቱ ደንዝዞ አዳዲስ ባለ 200 ብር ኖቶች ተጣብቀው ሁለቱን አንድ ብሎ እንደሚቆጥር ጻፈ። ለደንበኛ መልስ ሲሰጥም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ልጆች ሲገቡ መጀመሪያ ሻይ ይጠጣሉ፤ ቆጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

ምላሽ 12 ሻካራ ነበር። ጸሐፊው የጎደለ ይከፈላል፣ ነገር አታብዙ ባይ ነው። እሱ ሱቁ ውስጥ የጎደለውን ሁሉ በወሩ መጨረሻ ይቆርጣል፤ ልጆቹም ስለዚህ ይጠነቀቃሉ አለ። እኔንም ለልጁ ይቅርታ በመጠየቄ የባለቤት ቦታዬን እንዳጣሁ ጻፈ። ይህ አነጋገሩ አልተዋጠልኝም። እኔ እቆርጣለሁ ያልኩት ገንዘብ የእኔው ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ምላሽ 13 በትሕትና መለሰለት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ እንደፈለገ ደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም አለ። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ካልተስማማ መቁረጥ አይቻልም። በተቻለ ጊዜም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ምላሽ 12 ተመልሶ መጥቶ የእሱ ልጆች በዕቃ ቁጥር የሚከፈላቸው እንጂ ደመወዝተኛ እንዳልሆኑ ተናገረ። እነዚህ ሰዎች በሕጉ ሠራተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ላይ ሁለቱ ብዙ ተከራከሩ፤ አልተስማሙም። ሕግ የሚያውቅ ሰው ቢገባበት ደስ ይለኛል።

ምላሽ 14 የዚያው የምላሽ 3 ሞተረኛ ነው፤ በጣም ተቆጥቷል። ቀኑን ሙሉ ካሽ የሚውለው የሞተረኛ ኪስ ውስጥ እንጂ የባለሱቅ ካዝና ውስጥ አይደለም፤ መንገድ ላይ ቢዘረፍ የሚመታው እሱ ነው፤ ሐሰተኛ ኖት ቢገባበትም የሚከፍለው እሱ ነው አለ። ቀን ላይ ብሩ ሲበዛ በመሐል ባንክ ገብቶ እንዲያስገባ ቢፈቀድለት ይህ ሁሉ ይቀል ነበር። ጋሼ በዚህ ተስማሙ። እሳቸው ዘንድ 10,000 ብር ሲደርስ ማስገባት ግዴታ ነበር፤ ማታ የባንኩ ወረቀት ከካሹ ጋር እንደ ካሽ ይቆጠራል። በነዳጁ ግን አልተስማሙም። ጋሼ ከተሰበሰበ ብር ላይ ምንም ወጪ አይደረግም፣ ነዳጅ ጠዋት ለብቻው ይሰጥ ይላሉ። ሞተረኛው ዕቃ የጨመረበት ዕለት የጠዋቱ ነዳጅ አይበቃም ይላል። ሁለቱም ትክክል ይመስሉኛል።

ምላሽ 15 ላይ ጋሼ አንድ የድሮ ታሪክ ጻፉ። ውይይቱ ውስጥ ከሁሉም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ድርጅታቸው ውስጥ አንድ ሻጭ ነበር። ሒሳቡ በየማታው ልክ ይመጣል፤ አንድ ሳንቲም አይጎድልም። ያደረ ዕቃ ግን ሁሌ ሦስት አራት አለው። አንድ ቀን ታመመና ሌላ ልጅ ያደሩትን ሊያደርስ ሄደ። ዕቃዎቹ የሉም። ደንበኞቹ ሲጠየቁ ባለፈው ሳምንት ከፍለናል አሉ። ሰውየው የመጀመሪያውን ቀን ብር ለራሱ ተጠቅሞበታል። ያንን ዕቃ አደረ ብሎ ጻፈ፤ በማግስቱ በሌላ ደንበኛ ብር ከፈለው፤ የዚያን ሌላ ደንበኛ ዕቃ ደግሞ አደረ አለ። ጉድለቱ ከቀን ወደ ቀን እየተሸጋገረ ድምሩ ሁሌ ልክ ይመጣል። ሲቆጠር 4,300 ብር ነበር።

ለዚህ ነው ጋሼ ድምር ስለተገናኘ ብቻ ሒሳብ ተዘጋ አይባልም ያሉት። የእኔንም ሐሙስ ምሳሌ አደረጉት። ካሹና ያንን 1,200 ጨምሮ ባንክ የገባው ሲደመሩ፣ የመልሱ 500 ተቀንሶ የነዳጁ 300 ሲመለስ 16,000 ብር ይመጣል፤ የተሸጡት 11 ዕቃዎች ዋጋም 16,000 ነው። በድምር ብቻ ብሄድ ልጁን አልከስም ነበር። ግን በድምር ብቻ የሚሄድ ሰው ያንን ሻጭም አይይዘውም። እያንዳንዱ ብር የየትኛው ዕቃ እንደሆነ መታወቅ አለበት። ያደረ ዕቃ አጠገብ መጀመሪያ የወጣበት ቀን ይጻፋል። ዕቃው ማታ ወደ ቤት ይገባል፤ ሞተሩ ሳጥን ውስጥ አያድርም። ሁለት ሌሊት ካለፈው ደንበኛውን የሚደውልለት ባለቤቱ እንጂ ሞተረኛው አይደለም።

ምላሽ 3 የጻፈው ልጅ እዚህ ላይ አንድ ነገር አረመ። ብዙ ያደረ ዕቃ ያለው ሁሉ ሌባ አይደለም። ተማሪዎች ፈተና ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም፤ ወር ማለቂያ ላይ ደግሞ ሰው ደመወዝ እስኪገባ ያቆየዋል። ጋሼም ተቀበሉት። የሚያሳስበው ብዛቱ ሳይሆን ዕቃው በዓይን አለመታየቱ ነው አሉ።

ምላሽ 16 ስለ ስክሪንሾት ነው። ጸሐፊው ስልክ መለዋወጫ ይሸጣል። ደንበኛ ለሞተረኛው የሚያሳየው ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም፤ የትናንትናው ዛሬ ተመልሶ ሊታይ ይችላል አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዝውውር ቁጥር በ`FT` ይጀምራል። ከዚያ የሚከተሉት ሁለት አሃዞች የፈረንጅ ዓመቱ ሲሆኑ፣ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። ለምሳሌ `FT25074` ብሎ የሚጀምር የ2025 74ኛ ቀን ነው፤ በእኛ መጋቢት 6 ቀን 2017። እሱ ሞተረኞቹን ይህን እንዲያዩ አስተምሯቸዋል። በዚህ አንድ ያረጀ ስክሪንሾት በር ላይ ይዘዋል። ቁጥሩን ሙሉውን ከዕቃው አጠገብ ስለሚጽፉትም አንድ ክፍያ ሁለት ዕቃ ላይ ሲጻፍ ወዲያው ይታያል።

ምላሽ 17 ማስጠንቀቂያ ጨመረ። አምሽቶ የተላከ ብር የማግስቱን ቀን ይዞ ገጥሞት ያውቃል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ልዩነት ደንበኛ ላይ መጮህ ልክ አይደለም አለ። ምላሽ 16 እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት እንደማያውቅ መለሰ። እዚያው ላይ ቀረ። የተስማሙበት ግን ወሳኙ የራስ ሒሳብ ላይ መግባቱ እንደሆነ ነው። በሞተረኛው የግል ሒሳብ በፍጹም መቀበል እንደሌለበትም ተስማሙ፤ ያ ብር ከእሱ የግል ገንዘብ ጋር ከተደባለቀ ማስታረቅ አይቻልም።

ምላሽ 18 ላይ የሸዋሮቢቷ ሴት ተመለሰች። ጥያቄዋ መልስ ሳያገኝ በመቅረቱ ትንሽ ተቀይማለች፤ እውነቷን ነው። ጋሼ ይቅርታ ጠይቀው መለሱላት። ረዳቱ እጅ ላይ ያለው ብር ዕቃው እንደደረሰ የእሷ ነው፣ ግን ካሽ አይደለም። ለብቻው ገጽ ከፍታ በረዳቱ ስም ትጽፈዋለች፤ ብሩ ሲገባ ትሰርዘዋለች። ደንበኛው ዕቃውን መቀበሉን ግን ከረዳቱ አፍ ሳይሆን ደውላ ከደንበኛው መስማት አለባት። ደግሞ ረዳቱ ብር ሲያመጣ በጥቅሉ 5,000 ብሎ መቀበል የለባትም፤ የየትኞቹ ዕቃዎች እንደሆነ ይናገር፣ እሷም እነሱን ትሰርዝ። በጥቅል ከተቀበለች በሦስተኛው ሳምንት የቀረው የማን ዕቃ እንደሆነ አይታወቅም። እሷም ችግሯ በትክክል ይኸው እንደሆነ ጻፈች፤ አሁን ረዳቱ እጅ ላይ ስንት እንዳላት አታውቅም። ከየት እንደምትጀምር ስትጠይቅ ግን ማንም አጥጋቢ መልስ አልሰጣትም። እኔ ብሆን ዛሬ ላይ መስመር አስምሬ አዲሱን ለብቻው እጀምር ነበር።

ምላሽ 19 የእኔ ነው። ትናንት ማታ የሆነውን ለመጻፍ ተመለስኩ። ወረቀቱ ተለውጧል። ጠዋት ዕቃው ሲወጣ እኔና ልጁ አንድ በአንድ ቆጥረን ሁለታችንም እንፈርማለን። የመልሱ 500 ብር በባለ 50 እና በባለ 10 ብር በፖስታ ይሰጠዋል፤ እሱም ይጻፋል። አንድ ደንበኛ ካሽ ብሎ ወደ ባንክ ከለወጠ ልጁ ከበር ሳይርቅ ካሹን ሰርዞ የዝውውሩን ቁጥር ይጽፋል።

የጠባሴው ልጅ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ሻይ ጠጣ፤ እጁን ከብርጭቆው ላይ እስኪሞቅ አላነሳም። ከዚያ ተመላሹን ጠረጴዛው ላይ አወጣ፤ አንድ ጥቁር ጃኬት፣ አንድ የሴት ጫማ፤ ያደረ የለም። ብሩን እሱ ቆጠረ፣ ቀጥሎ እኔ። ባንኩን ከላይ ወደ ታች አነበብኩለት፤ እሱ በእስክሪብቶ እያንዳንዱ ላይ ምልክት አደረገ። ሜዳ ላይ የቀረ ክፍያ አልነበረም። ካሹ ላይ ግን 60 ብር ጎደለ። ባንኩን፣ ተመላሹን፣ የሌላውን ልጅ ወረቀት አየን። አላገኘነውም። ሥላሴ አካባቢ ለአንድ ሰው መልስ ሲሰጥ አብዝቶ ይሆናል ብሎ ገመተ፤ እርግጠኛ ግን አልነበረም። ጉድለት፣ 60 ብር፣ ምክንያቱ አልታወቀም ብለን ጻፍንና ሁለታችንም ፈረምን። ሄልሜቱን አጥልቆ ደህና እደሪ ብሎኝ ወጣ።